እንቁላልን ለሕፃናትና ለአቅመ ደካማ አረጋውያን ማብሰል

ለሕፃናትና ለአቅመ ደካማ አረጋውያን የሚዘጋጅ እንቁላል ሁለት ነገሮችን በአንድ ጊዜ ማሟላት አለበት። አንደኛ፣ አስኳሉም ነጩም እስኪረጋ ድረስ ሙሉ በሙሉ መብሰል ይኖርበታል። ሁለተኛ፣ ጥርስ የሌለው ወይም የመዋጥ አቅሙ የደከመ ሰው ያለ ችግር የሚውጠው ለስላሳና እርጥብ መሆን ይገባዋል። ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ፤ እንቁላል በደንብ በበሰለ ቁጥር ይደርቃልና። የደረቀ አስኳል ደግሞ አፍ ውስጥ እንደ ዱቄት ተበትኖ ትን ሊያደርግ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ይህ ግጭት በአማራ ክልል ኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ በተለይ በከሚሴና በአካባቢዋ በሚገኝ እንቁላል፣ እህልና ማብሰያ እንዴት እንደሚፈታ ያብራራል።

## የአካባቢው ሁኔታ

ከሚሴ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። በዞኑ ማሽላ፣ በቆሎና ጤፍ ይመረታሉ፤ ከብት፣ ፍየልና ግመልም ይረባሉ። በዞኑ የምትገኘው ባቲ በሰኞ ገበያዋ ትታወቃለች።

በገጠሩ ክፍል አብዛኛው እንቁላል የሚገኘው በየቤቱ ጭራ ከምትኖር የአበሻ ዶሮ ነው። የአበሻ እንቁላል ትንሽ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 40 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከቅርፊቱ ሲላቀቅ የሚበላው ክፍል ወደ 35 ግራም ይሆናል። ከእርባታ የሚመጣው የፈረንጅ እንቁላል ግን ከቅርፊቱ ጋር 55 ግራም እና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ይህ የመጠን ልዩነት የፕሮቲኑንም የማብሰያውንም ጊዜ ስለሚቀይር «አንድ እንቁላል» ሲባል የትኛው እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ ገጠር እንቁላል ከሚበላ ይልቅ ተሽጦ ለጨው፣ ለቡናና ለሳሙና መግዣ የሚሆን የሴቶች የእጅ ገንዘብ ምንጭ ሆኖ ቆይቷል። በዚህ ምክንያት ዶሮ ባለበት ቤት ሳይቀር ሕፃኑ እንቁላል ላይደርሰው ይችላል። በደቡብ ኢትዮጵያ በሃላባ በተካሄደ ጥናት ይህን ለመለወጥ ዶሮዎቹ ለቤተሰቡ ሳይሆን በሕፃኑ ስም ተሰጡ፤ እንቁላሉም ለሕፃኑ እንዲውል ወላጆች ቃል ገቡ።

ለሽያጭ የሚወጣ እንቁላል ከብዙ ቤት እየተለቀመ ስለሚከማች ዕድሜው አይታወቅም። ዶሮ የታቀፈችው እንቁላልም ሊቀላቀልበት ይችላል። በሙቀት ውስጥ የቆየ እንቁላል አስኳሉን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ይላላል፤ በነጩ ውስጥ የነበረ ባክቴሪያ ካለም ወደ አስኳሉ ገብቶ በፍጥነት ይራባል። ስለዚህ እንደ ከሚሴ ባለ ሞቃት አካባቢ እንቁላልን ሙሉ በሙሉ ማብሰል ከቀዝቃዛው ደጋ ይበልጥ አስፈላጊ ነው።

## የፕሮቲን ፍላጎት

እንቁላል ከሚበላው ክፍሉ አንድ ስምንተኛ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ከአንድ የአበሻ እንቁላል ወደ 4 ግራም ተኩል ገደማ፣ ከአንድ ትልቅ የፈረንጅ እንቁላል ደግሞ 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይገኛል። ሰውነት ራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸውን የፕሮቲን ክፍሎች ሁሉ ስለሚይዝ የእህልን ጉድለት በደንብ ይሞላል። ማሽላና በቆሎ ላይሲን የተባለው ክፍል ያንሳቸዋል፤ እንቁላል ግን ላይሲን በብዛት አለው።

ከ7 እስከ 12 ወር ያለ ሕፃን በቀን 11 ግራም ገደማ ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ጡት የሚጠባ ሕፃን የዚህን ትልቁን ክፍል ከእናቱ ያገኛል። የእናት ጡት ወተት በ100 ሚሊ ሊትር ወደ 1 ግራም ፕሮቲን ስለሚይዝ 650 ሚሊ ሊትር የሚጠባ ሕፃን 6 ግራም ተኩል ያገኛል። የሚቀረው 4 ግራም ተኩል ነው፤ ይህም የአንድ የአበሻ እንቁላል ፕሮቲን ነው። ሆኖም ሕፃኑ 6 ወር ሳይሞላው ከእናት ጡት ወተት ሌላ ምንም ምግብ አይሰጠውም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ከ6 እስከ 23 ወር ያሉ ልጆች ሥጋ፣ ዓሣ ወይም እንቁላልን የመሰለ ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ በየቀኑ እንዲያገኙ ይመክራል። እንቁላል ብቻውን ምን ያህል እንደሚረዳ ግን በየአገሩ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ በወጣ የኢኳዶር ጥናት ከ6 እስከ 9 ወር ዕድሜ ላይ ጀምረው ለስድስት ወር በየቀኑ አንድ እንቁላል የበሉ ሕፃናት መቀንጨር በ47 በመቶ ቀነሰላቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ይፋ የሆነው የማላዊ ጥናት ግን በአጠቃላይ በቁመት ላይ ተመሳሳይ ለውጥ አላገኘም፤ እዚያ ሕፃናቱ አስቀድሞም ዓሣ ይመገቡ ነበር። ከሁለቱ ጥናቶች የሚወሰደው ነገር እንቁላል ይበልጥ የሚጠቅመው ሌላ የእንስሳት ምግብ በማይገኝበት ማዕድ ላይ መሆኑን ነው።

በዕድሜ የገፉ ሰዎች ጡንቻ ለተመገቡት ፕሮቲን የሚሰጠው ምላሽ ይደክማል። ስለዚህ ፍላጎታቸው ከወጣቱ ከፍ ይላል፤ ጤነኛ አረጋዊ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1 እስከ 1.2 ግራም፣ የታመመ ወይም የከሳ ደግሞ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን እንዲያገኝ የሙያው መመሪያዎች ይመክራሉ። ይህን በአንድ ማዕድ ከመጨረስ ይልቅ በየማዕዱ 25 ግራም ያህል አድርጎ መከፋፈል ይሻላል። የዲያሊሲስ ሕክምና ያልጀመሩ የኩላሊት ሕሙማን ግን ከዚህ ምክር ውጪ ናቸው፤ ለእነርሱ መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ነው።

## የመብሰል ደረጃ

የእንቁላል ነጭ ከ62 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ጀምሮ መርጋት ይጀምራል። አስኳል ከ65 ዲግሪ ጀምሮ ይወፍርና በ70 ዲግሪ ገደማ ይረጋል። ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ለማጥፋት እንቁላል የገባበት ምግብ መሐሉ ድረስ 71 ዲግሪ እንዲደርስ ይመከራል። ስለዚህ ቴርሞሜትር በሌለበት ኩሽና የአስኳሉ መርጋት ራሱ እንደ መለኪያ ያገለግላል። ግማሽ የበሰለ እንቁላል ለጤነኛ ጎልማሳ የሆድ ሕመም ብቻ ሊያመጣ ይችላል፤ ሕፃንንና ደካማ አረጋዊን ግን በተቅማጥና በፈሳሽ እጥረት በፍጥነት አደጋ ላይ ይጥላቸዋል።

አንዳንድ ሰዎች ጥሬ እንቁላል የበለጠ ኃይል ይሰጣል ብለው ለአቅመ ደካማ በወተት መትተው ያጠጣሉ። እውነታው ግን ተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በቤልጂየም የተደረገ ልኬት እንዳሳየው ሰውነት ከበሰለ እንቁላል ፕሮቲን 91 በመቶ ገደማውን ሲጠቀም ከጥሬው የሚጠቀመው 51 በመቶውን ብቻ ነው። ጥሬ የሚጠጣ አረጋዊ ከሁለት እንቁላል የሚያገኘው ከአንድ የበሰለ እንቁላል ከሚያገኘው ብዙም አይበልጥም፤ የሳልሞኔላውን አደጋ ደግሞ ይጨምራል።

ከፍታም የማብሰያውን ጊዜ ይለውጣል። ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሲፈላ ከሚሴ ላይ ግን በ95 ዲግሪ ገደማ፣ ደሴ ላይ ደግሞ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ይህ ሙቀት ባክቴሪያውን ለመግደል ከበቂ በላይ ነው፤ ችግሩ ሙቀቱ ወደ አስኳሉ መሐል የሚደርሰው ቀስ ብሎ መሆኑ ነው። በስሌት ሲታይ በባሕር ጠለል ላይ 10 ደቂቃ የሚፈጅ እንቁላል ከሚሴ ላይ ወደ 12 ደቂቃ፣ ደሴ ላይ ደግሞ ወደ 13 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። በሌላ በኩል 40 ግራም የሚመዝነው የአበሻ እንቁላል 57 ግራም ከሚመዝነው ትልቅ እንቁላል አንድ አምስተኛ ያህል ቀድሞ ይበስላል። ከሚሴ ላይ ከፍታው የጨመረውን ጊዜ የእንቁላሉ ትንሽነት መልሶ ይቀንሰዋል ማለት ነው። ለሕፃንና ለአረጋዊ ግን ጊዜን ማሳጠር ስለማይመከር ውኃው መፍላት ከጀመረ በኋላ ለአበሻ እንቁላል 12 ደቂቃ፣ ለፈረንጅ እንቁላል ደግሞ 14 ደቂቃ ቢቆይ ይበቃል።

መብሰሉ የሚረጋገጠው እንቁላሉን መሐል ለመሐል በመቁረጥ ነው። የበሰለ አስኳል እስከ መሐሉ አንድ ዓይነት ፈዘዝ ያለ ቀለም ይኖረዋል። መሐሉ ላይ የሚያብረቀርቅ፣ ጠቆር ያለና ማር የመሰለ ቦታ ከታየ አልበሰለም። እንዲህ ዓይነቱን መጣል አያስፈልግም፤ ተቆራርጦ በሚፈላ አጥሚት ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ቢቆይ ይበስላል። በአስኳሉ ዙሪያ የሚታይ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ቀለበት ደግሞ እንቁላሉ ከሚገባው በላይ መቆየቱን እንጂ መበላሸቱን አያሳይም። የአስኳሉ ብረትና የነጩ ድኝ ሲገናኙ የሚፈጠር ስለሆነ ጉዳት የለውም።

## ልስላሴ

እንቁላል ሲሞቅ የተጠቀለሉት ፕሮቲኖቹ ተፈትተው እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ በመካከላቸውም ውኃውን እንደ መረብ ይይዙታል። ሙቀቱ ሲበዛ መረቡ እየጠበቀ ይሄድና ውኃውን ጨምቆ ያስወጣል። ከመጠን በላይ የተጠበሰ እንቁላል እንደ ጎማ የሚሆነውና ከሥሩ ውኃ የሚያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ሙሉ በሙሉ የበሰለና እርጥብ እንቁላል ለማግኘት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የተቀቀለውን ጨፍልቆ የጎደለውን እርጥበት በወተት ወይም በአጥሚት መመለስ ነው። ሁለተኛው እንቁላሉን ገና ጥሬ ሳለ በፈሳሽ መምታትና ቀስ ብሎ ማብሰል ነው፤ በመካከል የገባው ፈሳሽ መረቡ ከመጠን በላይ እንዳይጠብቅ ያደርጋል።

የሚፈለገው ልስላሴ ግን ለሁሉም አንድ አይደለም። የስድስት ወር ሕፃን ምንም ጥራጥሬ የሌለው ለስላሳ ምግብ ያስፈልገዋል። ስምንትና ዘጠኝ ወር ሲሆነው በሹካ የተጨፈለቀ፣ እርጥብና በጣም ደቃቅ ፍርፋሪ ያለው ምግብ መልመድ ይችላል። ጥርስ ለሌለው ነገር ግን በደንብ ለሚውጥ አረጋዊ ለስላሳ ፍርፍር ይስማማዋል። በስትሮክ ወይም በሌላ ሕመም መዋጥ ለከበደው አረጋዊ ግን እንደ ሕፃኑ ጥራጥሬ የሌለው ይሻላል።

ልስላሴውን ለመለካት የመዋጥ ችግር ላለባቸው ሰዎች በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠራባቸው ቀላል ፈተናዎች አሉ። ጥራጥሬ የሌለው ምግብ በማንኪያ ሲወሰድ ቅርጹን ይዞ ይቆያል፤ ማንኪያው ሲዘቀዘቅ ደግሞ ሳይጣበቅ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። እንደ ውኃ ከፈሰሰ ቀጥኗል፤ ማንኪያው ላይ ተለጥፎ ከቀረ ደግሞ ጉሮሮም ላይ ይለጠፋል። የተጨፈለቀ ምግብ ፍርፋሪ ለአዋቂ ከ4 ሚሊ ሜትር፣ ለሕፃን ደግሞ ከ2 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። የተለመደ ሹካ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ወደ 4 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን እንደ መለኪያ ያገለግላል።

## አዘገጃጀት

ሥራው የሚጀምረው ከምርጫው ነው። የተሰነጠቀ ወይም ኩስ የለጠፈበት እንቁላል ለእነዚህ ሁለት ተመጋቢዎች አይመረጥም። ውኃ ውስጥ ሲገባ የሚንሳፈፍ እንቁላል አርጅቷል፤ ይህ ፈተና ግን የሚያሳየው ዕድሜን እንጂ ሳልሞኔላ መኖር አለመኖሩን አይደለም። ጨለማ ክፍል ውስጥ የስልክ መብራት ከሥሩ ሲበራበት የደም ሥር ወይም ጥቁር ጥላ የሚታይበት እንቁላል ዶሮ የታቀፈችው ሊሆን ይችላል። እንቁላል ከመቀመጡ በፊት አይታጠብም፤ እርጥበቱ ባክቴሪያን በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ ሊያስገባ ይችላል። የሚታጠበው ሊበስል ሲል ነው። እንቁላል ከተሰበረ በኋላም እጅ በሳሙና ይታጠባል።

'''ተቀቅሎ የተጨፈለቀ።''' እንቁላሎቹ በድስት ውስጥ ተደርገው ውኃው ሁለት ጣት ያህል እስኪበልጣቸው ይሞላል። ውኃው በደንብ መፍላት ሲጀምር ጊዜው ይቆጠራል። ከዚያ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ተነክረው ይላጣሉ። ነጩ ከአስኳሉ ይልቅ አስቸጋሪ ነው፤ በሹካ ብቻ ሲጨፈለቅ ላስቲክ የመሰለ ቁርጥራጭ ይቀራል። ስለዚህ ለስድስት ወር ሕፃን እንቁላሉ በንጹሕ ወንፊት ላይ ተደርጎ በማንኪያ ጀርባ ይጨመቃል። ለአንድ የአበሻ እንቁላል ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያህል የእናት ጡት ወተት፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ወይም ቀጭን አጥሚት ተጨምሮ ይለወሳል። የሕፃኑ ምግብ ጨው፣ በርበሬና ስኳር አይገባበትም።

'''በአጥሚት ውስጥ የበሰለ።''' እንቁላሉ በሌላ ዕቃ ተሰብሮ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ወተት ወይም ውኃ ይመታል። የማሽላ ወይም የአጃ አጥሚቱ እየፈላ ሳለ የተመታው በቀጭኑ እየፈሰሰ በፍጥነት ይማሰላል፤ ከዚያም አጥሚቱ ቢያንስ ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ተጨማሪ ይፈላል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው ስሕተት ድስቱ ከምድጃው ከወረደ በኋላ እንቁላሉን መጨመር ነው። አጥሚቱ ትኩስ ቢሆንም ቀዝቃዛው እንቁላል ስለሚያበርደው ሙሉ በሙሉ ላይበስል ይችላል፤ ቀለሙ ከአጥሚቱ ጋር ስለሚመሳሰል ደግሞ ጥሬነቱ አይታይም። እንቁላሉ በአንድ ጊዜ ከተደፋም ጓጉሎ መሐሉ ያልበሰለ ጥቅልል ይፈጥራል።

'''ለስላሳ ፍርፍር።''' ይህ ጥርስ ለሌለው ነገር ግን በደንብ ለሚውጥ አረጋዊ የሚሆን ነው። ሁለት እንቁላል በሁለት የሾርባ ማንኪያ ወተት ይመታል። መጥበሻው በቀነሰ እሳት ላይ ሆኖ ጥቂት ቅቤ ይቀልጥበታል፤ ከሰል ከሆነ ፍሙ ወደ ዳር ይበተናል። እንቁላሉ ከሥሩ እየተላቀቀ ቀስ ብሎ ይማሰላል። የሚፈስ ፈሳሽ ሲጠፋና ላዩ ገና ወዛም ሳለ ይወርዳል። ዳሩ ቡናማ ከሆነ ደርቋል፤ ማኘክ ለማይችል ሰው ያንን ክፍል መተው ይገባል። ሽንኩርት፣ ቃሪያና የቲማቲም ልጣጭ ለስላሳውን ምግብ ቁርጥራጭ ስለሚያደርጉት አይጨመሩም፤ ቲማቲም ካስፈለገ ተልጦ ይፈጫል።

የበሰለ እንቁላል ውጪ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በሚበልጥበት ቀን ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ስለዚህ በከሚሴ ቆላማ አየር ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ለአንድ ማዕድ የሚበቃውን ብቻ ማብሰል ይመረጣል።

## አንድ ምሳሌ፦ በአንድ ድስት ሁለት ተመጋቢ

የሰባት ወር ሕፃንና 45 ኪሎ የምትመዝን፣ ጥርሶቿ ያለቁ አያት የሚኖሩበትን ቤት እንውሰድ። ቤቱ ሦስት የአበሻ እንቁላል አለው። የአያትየዋ የቀን ፍላጎት ለእያንዳንዱ ኪሎ 1.2 ግራም ተብሎ ሲሰላ 54 ግራም ፕሮቲን ነው። የሕፃኑ ደግሞ ከጡት የሚያገኘው ሲቀነስ 4 ግራም ተኩል ገደማ ይቀረዋል።

ሦስቱ እንቁላሎች በአንድ ድስት 12 ደቂቃ ይቀቀላሉ። በጎን በ60 ግራም የማሽላ ዱቄት፣ ማለትም በስምንት ልክ የሾርባ ማንኪያ ገደማ፣ እና በውኃ አጥሚት ይሠራል። ከአጥሚቱ ጨው ሳይገባበት ሦስት ማንኪያ ለሕፃኑ ይቀነሳል። አንዱ እንቁላል በወንፊት አልፎ በዚያ ይለወሳል። ውጤቱ ከግማሽ ስኒ የማይበልጥ ስለሆነ እንቁላልን አስቀድሞ የለመደ የሰባት ወር ሕፃን በአንድ ማዕድ ሊጨርሰው ይችላል፤ እምቢ ካለ ግን አይገደድም።

በቀረው አጥሚት ላይ 250 ሚሊ ሊትር ወተት ተጨምሮ ይፈላል። ሁለቱ እንቁላሎች በሹካ በደንብ ተጨፍልቀው ከጥቂት ቅቤ ጋር ይገቡበታል። የአያትየዋ ማዕድ ከእንቁላሉ 9፣ ከወተቱ 8፣ ከዱቄቱ 6 ግራም ገደማ፣ በድምሩ ወደ 23 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። ይህም ለአንድ ማዕድ ከሚመከረው 25 ግራም ጋር ይቀራረባል። ሁለቱ እንቁላሎች ብቻቸውን ቢቀርቡ ግን ከግማሹም በታች ይሆኑ ነበር። የቀረው 31 ግራም ደግሞ ከሌሎቹ ማዕዶች፣ ከሽሮ፣ ከምስር፣ ከወተት ወይም ከሥጋ መምጣት አለበት።

## አመጋገብና ጥንቃቄ

ምግቡ በደንብ ተዘጋጅቶም አበላሉ ካልተስተካከለ ትን ሊያደርግ ይችላል። ሕፃኑም አረጋዊውም የሚመገቡት ቀና ብለው ተቀምጠው እንጂ ተኝተው አይደለም። አፍ የሚሞላ ጉርሻ የአክብሮት ምልክት ቢሆንም መዋጥ ለሚከብደው አረጋዊ አደገኛ ነው፤ ለእርሱ የሻይ ማንኪያ ያህል ይበቃል። ቀጣዩ ማንኪያ የሚሰጠው የፊተኛው መዋጡ ከታየ በኋላ ነው። አረጋዊው በልቶ ሲጨርስም ወዲያው ባይተኛና ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀምጦ ቢቆይ ይመረጣል። ሕፃንን አፉን ይዞ በግድ ማጉረስም ለትንታ ያጋልጣል። በምግብ መካከል ሳል፣ እንደ ውኃ የሚንቀጫቀጭ ድምፅ ወይም ጉንጭ ውስጥ የሚቀር ምግብ ከተደጋገመ ልስላሴው አልተስማማም ማለት ነው፤ በጤና ጣቢያ መታየትም ያስፈልጋል።

እንቁላል ለአንዳንድ ሕፃናት አለርጂ ይፈጥራል። ይህ ከስድስት ወር በኋላ ለማዘግየት ምክንያት አይሆንም፤ አጀማመሩ ግን ቀስ በቀስ ነው። በመጀመሪያው ቀን በደንብ ከበሰለ እንቁላል አስኳልም ነጭም ያለው ሩብ የሻይ ማንኪያ ያህል ይሰጣል። ሕፃኑ ሳይታመም ጠዋት ላይ መጀመር ይሻላል፤ ምላሽ ከመጣ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይታያልና። ችግር ከሌለ በሚቀጥሉት ቀናት መጠኑ ይጨመራል። በቆዳ ላይ የሚወጣ ሽፍታ፣ የከንፈር ማበጥ ወይም ተደጋጋሚ ማስመለስ ከታየ ይቆምና ባለሙያ ይጠየቃል። የትንፋሽ ማጠር ወይም መዝለፍለፍ ካለ ግን ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና መውሰድ ያስፈልጋል። ከባድ የቆዳ ችፌ ያለበት ሕፃን ከመጀመሩ በፊት ባለሙያ ቢያየው ይሻላል።

ጾምም በዞኑ የማዕዱን ሰዓት ይወስናል። አብዛኛው የዞኑ ነዋሪ ሙስሊም ሲሆን በእስልምና ጾም የሚጎዳው ደካማ አረጋዊ ረመዳንን ባይጾም ይፈቀድለታል። የሚጾም አረጋዊ ካለ ፕሮቲኑ በሁለት ማዕድ ማለትም በሱሑርና በኢፍጣር ስለሚወሰን እንቁላሉ ለሁለቱም ቢከፋፈል ይመረጣል። በክርስቲያን ጎረቤቶች ዘንድ እንቁላል ከጾም ምግቦች ውጪ ነው፤ ሕፃናት የመጾም ግዴታ ባይኖርባቸውም የቤቱ ዕቃ እንዳይነካካ ሲባል እንቁላል ሳይሠራላቸው ሊቀር ይችላል። ለሕፃኑ የተለየች ትንሽ ድስትና ማንኪያ መያዝ ይህን ችግር ይፈታል።

እንቁላል የማይሞላው ጉድለትም አለ። በውስጡ ያለው ብረት ጥቂት ከመሆኑም በላይ ሰውነት በቀላሉ አይወስደውም፤ ስለዚህ የደም ማነስ ያለበትን ሕፃን በእንቁላል ብቻ ማዳን አይቻልም። ቫይታሚን ሲም የለውም። ሥጋ ወይም ጉበት ሲገኝ በሚገባ በስሎና ተፈጭቶ፣ እንደ ፓፓያና ማንጎ ያለ ፍራፍሬም ተልጦና ተጨፍልቆ በማዕዱ ላይ ሲጨመር ይህ ጉድለት ይሞላል።